ከፏፏቴው ፎቶ ሥር

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ አራሚውን ወላጆቹ ባወጡለት ስም የሚጠራው ሰው የለም። «ማራኪ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣችለት ገጽ አቀናባሪዋ ናት። አንድ ሥራ የቀዘቀዘበት ሳምንት ላይ ያለፉትን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የግድግዳ ካሌንደሮች ከመደርደሪያ አውርዳ፣ በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር እሱ የጻፈውን አንብባ፣ «ማራኪ» የሚለው ቃል ሁለት መቶ ሰባት ጊዜ መጻፉን ቆጥራ ደረሰችበት። ፎቶዎቹ በጠቅላላው ሁለት መቶ ሃያ ስምንት ናቸው።

«ሃያ አንዱን ጊዜ ምን ነክቶህ ነው?» አለችው።

«አስደናቂ ብዬ ነበር» አላት፣ ሳያፍር።

ሰውዬው ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፤ ይህ ካልተነገረ የሚቀጥለው ሁሉ ትርጉም የለውም። ዕድሜው አምሳ ስምንት ደርሷል፤ ለጡረታው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ቀሪውን የሥራ ሰዓቱን የሌላ ሰው መጽሐፍ ሲያርም ይውላል፤ የነጠላ ሰረዝ እረኛ ነው። በዓመት አንዴ ግን የተፈጥሮ ካሌንደሩ ይመጣል። አሥራ ሁለት ፎቶ፣ በእያንዳንዱ ሥር ሁለት መስመር። እነዚያ ሁለት መስመሮች በማያውቃቸው ሰዎች ሳሎን፣ በሐኪም ቤት መጠበቂያ፣ በጋራዥ ግድግዳ ላይ ወር ሙሉ ይሰቀላሉ። አንድ ጊዜ ፀጉር ቤት ተቀምጦ፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው አፉን እያንቀሳቀሰ የእሱን መስመር ሲያነብ አይቶ ነበር። ለሚስቱ ይህን ሦስት ጊዜ ነግሯታል።

አጻጻፉም የቤቱ ወግ ነበረው። ፎቶዎቹ ከየፎቶ አንሺው ይመጣሉ፤ እሱ በመስኮቱ አጠገብ፣ በወረቀት ክምር መሀል ተቀምጦ አንድ በአንድ ያያቸዋል፤ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ይጽፋል። ያነሣውን ሰው የሚጠይቅ የለም። ፎቶ አንሺው ያያል፣ እሱ ይጽፋል፣ ሁለቱ በመንገድ ቢተላለፉ አይተዋወቁም። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ማንም «ለምን?» አላለም።

ዘንድሮ አዲስ ዋና አዘጋጅ መጣች። አርባ ያልሞላት፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ እርሳስ ከጆሮዋ ጀርባ የማይጠፋ ሴት ናት። ረቡዕ ጠዋት ማራኪን ወደ ቢሮዋ ጠራችው። አሥራ ሁለቱን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ደርድራለች። የጻፋቸውን መስመሮች ደግሞ በመቀስ ቆራርጣ፣ እንደ ዕጣ ወረቀት ቀላቅላ፣ በእፍኟ ይዛቸዋለች።

«ጋሼ፣ እነዚህ የእርስዎ ልጆች ናቸው አይደል? እስቲ ለየእናታቸው ይስጡልኝ።»

እሱ ሳቅ ብሎ ተቀበላት። የመጀመሪያውን አነሣ፦ «ማራኪው የተፈጥሮ ውበት በሙሉ ግርማው።» ሐይቁ ሥር አደረገው። ሁለተኛውን አነሣ፦ «ዓይንን የሚያፈዝ አስደናቂ ትዕይንት።» ይህ የንስሩ ይሁን የበረሃው ትዝ አላለውም፤ ለንስሩ ሰጠው። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ለየትኛው እንደሚሰጥ ቸገረው። ሁሉም ለሁሉም ይሆናሉ። ሲጨርስ አዘጋጇ ዝርዝሩን አውጥታ አስተያየችው። ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱን ብቻ ነበር በትክክል ያስቀመጠው። እነሱንም በዕድል።

«የራሴ ልጆች ጠፍተውኝ አረፉ» አለ። ቀልድ ሊያደርገው ነበር፤ ፊቱ ግን ጋለ።

አዘጋጇ አልሳቀችበትም። እሱም ይህን ውለታ አልረሳላትም።

«ውብ፣ ማራኪ፣ አስደናቂ» አለች፣ በጣቷ እየቆጠረች። «እነዚህ ሰውዬው ምን እንዲሰማው እንደምንፈልግ ነው የሚናገሩት። ፎቶው ውብ መሆኑን ግን በዓይኑ እያየው ነው፤ እኛ ምን አዲስ ነገር ሰጠነው? ፎቶ ሊያሳይ የማይችለውን ይስጡት። ድምፅ የለውም፤ ሽታ የለውም፤ አይበርድም፣ አይሞቅም። ከዚያ አንዱን ብቻ። እዚያ የቆመ ሰው በጆሮው፣ በአፍንጫው ወይም በቆዳው ያገኘውን አንድ ነገር። ሁለት ከሆነ ይሻማሉ።»

ከዚያ የከበደውን ነገር በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረች። ካሌንደሩ ቅዳሜ ማሽን ላይ ይወጣል። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ጽሑፉን ለሌላ ሰው ትሰጣለች፤ እሱ ወደ እርማቱ ብቻ ይመለሳል። የሽፋኑን ፎቶ፣ ፏፏቴውን፣ በተለይ አደራ አለችው።

ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ወንበሩ ራሱ የሰው ወንበር መሰለው። ሁለት ዓመት ነጠላ ሰረዝ እየለቀመ ከርሞ ሳይታወቅ መሰናበት ነው እንግዲህ። የፀጉር ቤቱ ሰውዬ ትዝ አለው።

ማታ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ አንድም አላስቀረም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አንድን ጨርቅ በአውራ ጣቷ አሻሽታ ከየት ሱቅ እንደተገዛ የምታውቅ። ሰምታው ሰምታው የምስር ሾርባ አቀረበችለት። በላ።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«ግሩም ነው።»

«ጨው የለውም። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያበላሁህን ሁሉ ግሩም ብለህ ነው የተነሣኸው፤ አንድ ቀን እንኳ ምን እንደ በላህ ነግረኸኝ አታውቅም።»

እንደገና ቀመሰ፤ እውነትም ጨው የለውም። ምስሩ ግን ከሥር ትንሽ አርሯል፤ ጭሱ ምላሱ ላይ ቀርቷል። ይህንኑ ነገራት።

«አሁን ገና በላህ» አለችውና ጨው አቀበለችው።

በማግስቱ ሐሙስ ቁጭ ብሎ እንደ አዲስ ጀመረ። ለሐይቁ ፎቶ ብዙ አሰበ፤ ልጅ ሆኖ ውሃ ዳር ሲቆም የሚሸተው የረጋ ጭቃ ትዝ አለውና እሱን ጻፈ። ለበረሃው፣ አሸዋው እግር እንደሚያቃጥል ጻፈ። ለጥዱ ደን ሙጫው ጣት ላይ ተጣብቆ አልለቅ እንደሚል ጻፈ። እጁ እየተፍታታ ሄደ። «ማራኪ» የሚለው ቃል ሁለት ሦስቴ ብዕሩ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር፤ እንደ ተከለከለ እንግዳ ከበር መለሰው።

መጨረሻ ላይ ፏፏቴው ቀረ። ፎቶውን አቅርቦ ያዘው። ውሃው ከገደሉ አፋፍ ተነሥቶ የፎቶውን ቁመት ሞልቶ ይወርዳል፤ ከሥሩ ጉም የመሰለ ርጭት ይነሣል፤ በድንጋዩ ላይ የበቀለው ሽበት አንድ በአንድ ይታያል። ይህን ያህል ቀርቦ የቆመ ሰው ምን ያገኘዋል? ረጅም ሰዓት ቆየ። ከዚያ አንድ መስመር ወረደለት፦

«እዚህ የቆመ ሰው ጎኑ ያለውን ሰው የሚያናግረው በጩኸት ነው።»

ሦስት ጊዜ አነበበው። የሚጨመር የለም፤ የሚቀነስ የለም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የጻፈው የመጀመሪያው መስመር ይህ እንደሆነ ገባው፤ ደስታውን ለማን እንደሚነግር ጠፍቶት ለገጽ አቀናባሪዋ አሳያት። እሷም አነበበችና ስድብ አጣችለት።

አዘጋጇ ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለቱን አነበበች። ፏፏቴው ላይ ስትደርስ እርሳሷን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይሄ ድምፁን ሳይጠራ አሰማኝ። ይሄ ሽፋኑ ላይ ይወጣል። የሚቀጥለውም ዓመት የእርስዎ ነው፤ አለቀ።» ወረቀቱን ስትመልስለት ግን አንድ ነገር ጨመረች። «ብርሃኑ የጠዋት ይሁን የማታ አልለይ አለኝ። ሰዓቱን እንጨምርበት። ለፎቶ አንሺው ደውለው ይጠይቁልኝ።»

ቀላል ትእዛዝ ናት። ስልኩን አንሥቶ ደወለ። ያነሣው የሽማግሌ ድምፅ ነበር፤ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ መሆኑን በሰላምታው መሀል ተናገረ። ሰዓቱን ሲጠየቅ አላመነታም።

«ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ከሌሊት ዝናብ በኋላ። አየሩ ታጥቦ ስለነበር ነው እንዲያ ጥርት ብሎ የመጣው።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ሽፋኑ ላይ ነው የሚወጣልዎ፤ እንኳን ደስ አለዎት።»

«አንተንም ደስ ይበልህ፣ ወንድሜ። ምን ብላችሁ ጻፋችሁበት?»

ማራኪ ይህችን ጥያቄ ሲጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን አሳምሮ አነበበለት። በስልኩ ማዶ ዝም አለ። የተነካ መሰለው።

«ማነው የሚጮኸው?» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ።

«እ... እዚያ የቆመ ሰው። በውሃው ድምፅ የተነሣ።»

«እዚያ የቆምነው እኔና ባለቤቴ ነን። ተቀምጠንም ነው እንጂ አልቆምንም። ባለቤቴ ደግሞ ጆሮዋ አይሰማም፤ በልጅነቷ ታማ ነው። በእጃችን ነው የምንነጋገረው። ብጮህም ባልጮህም ለሷ ያው ነው።» ሳቅ አለ፤ ሳቁ ክፋት የለበትም። «ውሃውም ቢሆን አይሰማም፣ ወንድሜ። ያነሣሁት ከማዶ ሸንተረር ነው፣ በረጅሙ ሌንስ። ሦስት ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ ሜትር፤ እኔው ለክቼዋለሁ። በመሀል ጥልቅ ገደል አለ። ሌንሱ ውሃውን ወደ ዓይን ያቀርበዋል፤ ድምፁን ግን ከየት ያመጣዋል?»

ማራኪ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ፎቶውን አየው። የድንጋዩ ሽበት፣ ርጭቱ፣ ሁሉም አፍንጫው ሥር ነው። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ፎቶ ሲያይ ኖሮ፣ ፎቶው የሚያሳየው ቦታና አንሺው የቆመበት ቦታ ሁለት ሊሆን እንደሚችል አንድም ቀን አላሰበም።

«ታዲያ እዚያ ሆነው ምን ሰሙ?» አለ።

«ምንም። ያን ሁሉ ውሃ ሲወድቅ ታያለህ፤ ኮሽታ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ነው ወደዚያ ድንጋይ የምንወጣው፤ ሁልጊዜም እንደዚያው ነው።» ከዚያ ሽማግሌው ራሱ አጽናናው። «ግድ የለህም፣ ተወው። አባባሉ ያምራል። ማን ሊያውቅ?»

ስልኩን ዘጋ። ማን ሊያውቅ? እውነት ነው፣ ማንም አያውቅም። አዘጋጇ ወዳዋለች፤ ማሽኑ ነገ ይነሣል፤ የሚቀጥለው ዓመት የእሱ ነው። ሽማግሌው ራሱ ፈቅዶለታል። አፉን ዘግቶ «ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል» ብሎ ቢጨምር ነገሩ እዚያው ይቀበራል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ።

ግን ያቺ ሴት ታነበዋለች። እዚያ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች፣ ጆሮዋ የማይሰማ ሴት፣ በራሷ ባል ፎቶ ሥር ሰዎች እዚያ እየጮሁ እንደሚነጋገሩ ከማያውቃት ሰው ትማራለች። ይህ ነው አላስቀምጥ ያለው። «ማራኪ» ሲል የኖረው ማንንም አልዋሸም፤ ባዶ ነበር እንጂ ውሸት አልነበረም። አሁን ግን ጥሩ አድርጎ መጻፍ በተማረ ማግሥት ጥሩ አድርጎ መዋሸትንም ተምሯል። አፈረ፤ የምሩን አፈረ።

የመጀመሪያውን መስመር ሰርዞ ሌላ ጻፈ፤ ወደ አዘጋጇ ቢሮ ገባ፤ ነገሩን ከሥሩ አንሥቶ ነገራት። እሷ አዲሱን መስመር አነበበች፦

«ፏፏቴው ከማዶ ሸንተረር፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ከዚህ ሆኖ የውሃው ድምፅ አይሰማም።»

ከመጀመሪያው ጋር አስተያየችው። ከዚያ በሐቅ ተናገረች፦

«ጋሼ፣ የመጀመሪያው ይበልጥ ያምር ነበር።»

«አውቃለሁ። ያመኛልም። ግን ፈጥሬው ነው።»

«ሌሎቹስ?»

ይህን ጥያቄ ፈርቶ ነበር። «ሌሎቹንም ከወንበሬ ሳልነሣ ነው የጻፍኳቸው። ጭቃው ከልጅነቴ ነው፤ አሸዋው ከግምቴ።»

አዘጋጇ እርሳሷን ከጆሮዋ ጀርባ አወጣች፤ መልሳም ሰካችው። ማራኪ ፍርዱን ቆሞ ጠበቀ። ካሌንደሩ ከእጁ ሲወጣ ታየው፤ አሁን ግን ረቡዕ የፈራውን ያህል አልፈራውም።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለች በመጨረሻ። «አንድ ተጨባጭ ነገር አምጡ አልኩ እንጂ ከየት እንደሚመጣ አልነገርኩም። አሥራ አንድ ስልክ ይቀርዎታል። ማሽኑ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የሚነሣው። ይደውሉ፤ ጽሑፉ የእርስዎ ነው።»

ሲደውል ዋለ። ጭቃው እውነት ሆኖ ተገኘ፤ የሐይቁ አንሺ «ጫማዬ እስከ ዛሬ ይሸታል» አለው። የበረሃዋ አንሺ ግን ሳቀችበት። ፀሐይ ሳትወጣ ነው ያነሣችው፤ አሸዋው እንደ ብረት ቀዝቅዞ ጣቷ ቁልፉን መጫን አቅቶት ነበር። ሰረዘና እሱን ጻፈ። የጥዱም ሙጫ ቀረ፤ ያን ጠዋት እዚያ የነበረው ከቅርንጫፍ እየተንሸራተተ አንገት ውስጥ የሚገባ በረዶ ነው። ሰዎቹ ሲጠየቁ ደስ ይላቸው ነበር። አንዳንዶቹ ፎቶ ሲልኩ አሥር ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከዚህ ቤት ሰው ደውሎላቸው አያውቅም። ማታ ሲወጣ ጆሮው ግሎ ነበር።

ካሌንደሩ ታተመ፤ ለየሰዉ ተላከ። ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ሰኞ ማራኪ የሰው መጽሐፍ ሲያርም ስልኩ ጮኸ። ቀያሹ ሽማግሌ ነው።

«ደረሰን» አለ። «ባለቤቴ አነበበችው።»

«ቅር አላት እንዴ?»

«ቆይ ልንገርህ። ሽፋኑን ይዛ እኔ ወዳለሁበት ክፍል መጣች። ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ያንተን መስመር በጣቷ አሳየችኝና በእጇ ጠየቀችኝ፤ ‹አንተም አትሰማም ነበር እንዴ?› አለችኝ።»

ማራኪ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ወንድሜ። እኔ እዚያ ተቀምጬ ውሃውን ስሰማ የምውል ነበር የሚመስላት። እሷ ዓይኗን ይዛ፣ እኔ ጆሮዬን ጨምሬ። እንዳትረብሸኝ ብላ እጇን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ ትቀመጥ ነበር። እኔ ደግሞ ማየቱ ሞልቶላት ነው ዝም የምትለው ብዬ አልነካካትም። አንድ ቀን እንኳ አልተጠያየቅንም። ምን ብዬ እጠይቃታለሁ? ምን ብላስ ትጠይቀኛለች?»

«ምን አሏት ታዲያ?»

«አዎ አልኳት። እዚያ ላይ እኔም ያው ነኝ አልኳት። ተቀመጠች፤ አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቀችብኝ።»

ማራኪ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጻፋቸው ቃላት አንዱም ለዚህ አይሆንም ነበር።

«እሑድ ወጣን» አለ ሽማግሌው። «ከደረስንበት ደቂቃ ጀምሮ ስታወራ ዋለች። የሠላሳ አንድ ዓመቱን ነው ያወራችው። ካሜራዬን ይዤ ነበር፤ ብርሃኑም ጥሩ ነበር። ግን ዓይኔን ከእጇ ካነሣሁ ወሬው ያመልጠኛል። አንድም ፎቶ ሳላነሣ ተመለስኩ።»